የአራስ ልጅ ቢጫነት፦ ፀሐይ የማይነግረን ቁጥር

ጥያቄ፦ «ልጄ ከተወለደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ከሰዓት ዓይኑና ፊቱ ቢጫ መሰለኝ። ቤት ያሉት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው፣ ይለቀዋል ይሉኛል። ሐኪሙ ደግሞ ደሙ ዛሬውኑ ይታይ አለኝ። ከእንዲህ ያለ ሚጢጢ ልጅ ደም ማስወሰድ አሳዘነኝ። ፀሐዩ አይበቃም? ሕክምና የሚያስፈልገውስ መቼ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ሐኪሙ ልክ ነው፤ ደሙ ዛሬውኑ ይታይ። ብዙ አራሶች ቢጫ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹም ያለ ምንም ሕክምና ይለቃቸዋል። ያንቺም ልጅ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ግን አንዱ መሆን አለመሆኑን ዓይን አይቶ አይለይም። የሚለየው ከተረከዙ የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ ደም ነው።

መጀመሪያ ቢጫው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ቀይ የደም ሴሎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣቸዋል። ጉበት ይህን ተቀብሎ ይለውጠውና ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ከዚያ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። አራስ ልጅ ላይ ግን ነገሩ ይደራረባል። ቀይ የደም ሴሉ ከእኛ ይበዛል፤ ዕድሜውም ከእኛው ያጥራል። ጉበቱ ሥራውን ገና እየለመደ ነው። አንጀቱ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ፣ ሊወጣ የነበረው ቢሊሩቢን ከፊሉ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። በዚህ ምክንያት ቢጫነቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይታያል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይበረታና ከዚያ ይቀንሳል። ትልቅ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ብለን ጉበቱ መታመሙን እንጠረጥራለን። አራስ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉበቱ ገና አልበረታም እንጂ አልታመመም።

የሚያስፈራው መጠኑ ሲያልፍ ነው። በጣም የበዛ ቢሊሩቢን ከደም አልፎ አንጎል ውስጥ ይገባል። እዚያም እንቅስቃሴንና መስማትን የሚቆጣጠሩትን ክፍሎች ይጎዳል። አንዴ ከተጎዱ አይመለሱም። ከዚያ በፊት ግን የምንደርስበት ጊዜ አለ፤ ያም በሰዓት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ስለዚህ ነው «ዛሬውኑ» የተባልሽው።

አሁን ወደ ፀሐይ ልምጣ። ቤት ያሉት ሰዎች ይህን ያሉሽ ከመሬት ተነስተው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ ባለው የሮችፎርድ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን ወደ ግቢ እያወጣች ፀሐይ ታሳያቸው ነበር። ፀሐይ ያገኘው ቆዳቸው ነጣ ብሎ፣ የተሸፈነው ግን ቢጫ እንደሆነ ቀርቶ አየች። እዚያው ሆስፒታል ፀሐይ ላይ የቆየ የደም ናሙናም ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ተገኘ። ሐኪሞቹ ነገሩን አጥንተው በ1958 አሳተሙት። ዛሬ ፎቶቴራፒ የምንለው የብርሃን ሕክምና የተወለደው ከዚያ ነው። ስለዚህ የፀሐይ ብርሃን ቢሊሩቢንን ይቀንሳል ወይ ብትይኝ፣ አዎ ይቀንሳል።

ታዲያ ለምን አይበቃም? ሥራውን የሚሠራው በፀሐይ ውስጥ ካሉት ቀለሞች ሰማያዊው ብርሃን ነው፤ በተለይ ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ያለው። ይህ ብርሃን ቆዳ ላይ ሲያርፍ እዚያ ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ይለውጠዋል። ቅርጹ የተለወጠው ቢሊሩቢን የጉበትን ሥራ ሳይጠብቅ በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ደም ግን ሁልጊዜ አዲስ ቢሊሩቢን ወደ ቆዳ ያመጣል። ስለዚህ ብርሃኑ በሰፊ ቆዳ ላይ፣ ለብዙ ሰዓት፣ ሳይቋረጥ ማረፍ አለበት። ልብስ ለብሶና ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ለ15 ደቂቃ ፀሐይ ያየ ልጅ ያገኘው መጠን ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

«እንግዲያው አውልቄ ረዘም ላድርግለት» እንዳትዪ። ፀሐይ ሰማያዊውን ብርሃን ለብቻው አትሰጥም። ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌትም፣ ሰውነት የሚያግለው ጨረርም አብሮት ይመጣል። አራስ የራሱን ሙቀት በደንብ መቆጣጠር ስለማይችል ፀሐይ ላይ ቶሎ ይግላል፤ ነፋስ ሲነካው ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የጋለ ልጅ ውኃው ያልቅበታል፣ ይደክማል፣ ጡት መጥባት ይተዋል። ያልጠባ ልጅ ደግሞ ቢሊሩቢኑ ይጨምራል። በመስኮት መስታወት በኩል ማሞቅም መፍትሔ አይሆንም። ልጁ ከመስታወት ጀርባም ይግላል፤ ያገኘው ብርሃን ስንት እንደሆነም አይታወቅም።

ፀሐይን በሥርዓት ለሕክምና የተጠቀሙ ሐኪሞች አሉ። ናይጄሪያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ላይ ሕፃናቱን ልዩ ፕላስቲክ በለበሰ መጠለያ ሥር አስተኝተዋቸው ነበር። ፕላስቲኩ ጎጂውን ጨረር አስቀርቶ ሰማያዊውን ያሳልፋል። ሕፃናቱ በቀን ለሰዓታት እዚያ ይቆያሉ፣ ሙቀታቸው ይለካል፣ ደማቸው ይመረመራል። ደም መቀየር ደረጃ የደረሱትን ግን በዚህ አላከሟቸውም። ለቀሩት ከተለመደው መብራት ያላነሰ ሠርቷል። ይህ ግን ጤና ባለሙያ ቆሞ የሚከታተለው ሕክምና ነው። ደጅ ላይ ከማሞቅ ጋር የሚያገናኘው ፀሐዩ ብቻ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፀሐዩ የሚወስደው ጊዜ ነው። «ዛሬ ካሞቅኩት ነገ ይለቀዋል» ሲባል ቁጥሩ ሳይለካ ሁለት ቀን ያልፋል። ከባድ ሆነው ወደ እኛ የሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ያለፉት በእነዚህ ሁለት ቀናት ነው።

ምርመራው እንዴት እንደሆነ ደግሞ ልንገርሽ። ቤት ውስጥ ማየት የምትችዪው ይህን ያህል ነው። ልጁን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አድርጊው። አፍንጫውን ወይም ደረቱን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂ። ጣትሽ የነበረበት ቦታ ለቅጽበት ቢጫ ሆኖ ከታየሽ ቢጫነት አለ። ቆዳው ጠየም ያለ ልጅ ላይ ይህ ያታልላል። የዓይኑን ነጭ፣ ድዱን፣ መዳፉንና የእግሩን ውስጥ እዪ። ቢጫው ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ እግር ላይ ከደረሰ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ፊት ላይ ብቻ መሆኑ ግን አያዝናናም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በዓይኔ አይቼ «ቀላል ነው» ያልኩት ልጅ ደሙ ሲታይ ቢሊሩቢኑ 19 ደርሶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ቁጥር ገምቼ አላውቅም።

ጤና ተቋም ስትደርሺ ግንባሩ ወይም ደረቱ ላይ የሚነካ ትንሽ መለኪያ ካላቸው በእሱ ሊጀምሩ ይችላሉ። መርፌ የለውም፤ በብርሃን ነው የሚለካው። ውጤቱ ግምት ስለሆነ ወደ ሕክምና መስመር ከቀረበ በደም ይረጋገጣል። የደም ምርመራው ቶታል ቢሊሩቢን ይባላል። አብዛኛው ላቦራቶሪ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ይጽፈዋል። አንዳንዱ በማይክሮ ሞል በሊትር ይጽፋል፤ ያን በ17 ስታካፍዪው ወደ መጀመሪያው ይመጣል። «ውጤቱ 250 ነው» ተብላ የደነገጠች እናት አውቃለሁ። 250 ማይክሮ ሞል ማለት 15 አካባቢ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ቁጥሩ ለብቻው ምንም አይልም፤ ትርጉም የሚሰጠው የልጁ ዕድሜ በሰዓት ሲታወቅ ነው። 12 የሚል ውጤት ውሰጂ። ልጁ አራተኛ ቀኑን ከያዘ፣ ቀኑን ሞልቶ ከተወለደና በደንብ ከጠባ፣ 12 ይዞ ቤቱ ይሄዳል። በ20 ሰዓቱ 12 ከሆነ ግን ወዲያው መብራት ሥር ይገባል። ለዚህ ነው ሐኪሙ «ስንት ሰዓት ላይ ወለድሽ?» ብሎ የሚጠይቅሽ። ሰዓቱን በትክክል ንገሪው።

38 ሳምንት ሞልቶ የተወለደ፣ ጤነኛ የሆነና ሌላ አባባሽ ነገር የሌለበት ልጅ የብርሃን ሕክምና የሚጀምርበት መስመር በግምት እንዲህ ነው። በ24 ሰዓት 12 አካባቢ፣ በ48 ሰዓት 15 አካባቢ፣ በ72 ሰዓት 18 አካባቢ፣ ከ96 ሰዓት በኋላ 20 አካባቢ። መመሪያዎች በመጠኑ ይለያያሉ፤ ያንቺ ሐኪም የሚከተለውን ሰንጠረዥ ያያል። ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ፣ ኢንፌክሽን ላለበት ወይም ደሙ በፍጥነት ለሚፈርስበት ልጅ መስመሩ ዝቅ ይላል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚታይ ቢጫነት ደግሞ ፈጽሞ «የተለመደው ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ደም በፍጥነት የሚፈርሰው በብዛት የእናትና የልጅ ደም ሳይስማማ ሲቀር ነው። ሾተላይ የሚባለውን ሰምተሽ ይሆናል፤ እናት ኔጌቲቭ፣ ልጅ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣው ነው። እናቲቱ ኦ ሆና ልጁ ኤ ወይም ቢ ሲሆንም ይፈጠራል፤ ይህ ደግሞ በመጀመሪያ ልጅም ይመጣል። ስለዚህ የደም ዓይነትሽን የሚያሳየውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ከዚህ በፊት የወለድሽው ልጅ ለቢጫነት መብራት ሥር ገብቶ ከነበረ፣ ወይም ይኼኛው ሲወለድ ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ እብጠት ከነበረው ያንንም ንገሪያቸው። እብጠት ውስጥ የተጠራቀመ ደምም ሲፈርስ ቢሊሩቢን ይሆናል።

እንዲህ ያለ ልጅ ደጋግሞ ስለሚመጣ አንዱን በቁጥር ላሳይሽ። በ38 ሳምንት የተወለደች ልጅ ናት፤ ክብደቷ 3.1 ኪሎ። እናቷ ኦ ፖዘቲቭ፣ እሷ ኤ ፖዘቲቭ ናት። በ30 ሰዓቷ ተለካችና 10 ወጣ። ለ30 ሰዓት ይህ ከመስመሩ በታች ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ደህና ናት» ብሎ ይሸኛታል። የደም ዓይነታቸው ስላሳሰበን ከ12 ሰዓት በኋላ ደገምነው፤ 14.2 ሆነ። በ12 ሰዓት 4.2 ጨመረ ማለት ነው። ለሰዓት ሲከፋፈል 0.35 ይመጣል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በሰዓት ከ0.2 በላይ መጨመር ደም እየፈረሰ መሆኑን ያስጠረጥራል። በዚሁ ፍጥነት ብትቀጥል ከ24 ሰዓት በኋላ 22.6 ትደርስ ነበር። ኩምብስ የሚባለው ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ፤ የእናቷ ደም የሠራው መከላከያ የእሷን ቀይ ሴል እየያዘ ነበር ማለት ነው። ወዲያው መብራት ሥር ገባች። ከ6 ሰዓት በኋላ 13.8 ሆነ። ቅናሹ ትንሽ ይመስላል። ግን 16 ሊደርስ የነበረ ቁጥር ቆሞ ወደ ታች መዞሩ ነው ትልቁ ነገር። በማግስቱ 11 ደረሰ፤ ከዚያም እየወረደ ሄደ።

ይህች ልጅ በመጀመሪያው ውጤት ቤት ሄዳ ፀሐይ ብትሞቅ ኖሮ፣ ቤተሰቧ የሚያዩት ትንሽ ቢጫ ፊት ብቻ ነበር።

ልጅሽ ሕክምና ካስፈለገው እንዲህ ይሆናል። ከዳይፐር በቀር ልብሱን አውልቆ፣ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ሰማያዊ መብራት ሥር ይተኛል። መብራቱ አያመውም። ሕክምናው የሚሠራው ብርሃኑ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው፤ እናቶች በርዶት ይሆናል ብለው ሲሸፍኑት ሕክምናው ይቆማል። ከበረደው ለነርሷ ንገሪያት፤ ክፍሉ ይሞቃል እንጂ ልጁ አይሸፈንም። ለማጥባት ታወጪዋለሽ፤ ካጠባሽ በኋላ ቶሎ ይመለሳል። ቁጥሩ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ግን ሳይወጣ እንዲመገብ ሊያደርጉ ይችላሉ። ዓይነ ምድሩ ቀጠን ብሎ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ቢሊሩቢኑ እየወጣ ነውና አትደንግጪ።

መብራት ሥር ያለ ልጅ ላይ ቀለሙን ማመን አይቻልም። ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያነጣው ቆዳውን ነው፤ ደሙ ውስጥ ያለው ገና ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። «ነጥቷልና እንውጣ» የሚሉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። እባክሽ በደም ውጤት ብቻ ውጪ። መብራቱ ከጠፋ በኋላም ቁጥሩ ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል፣ በተለይ ደም የሚፈርስበት ልጅ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገማል።

መብራቱ ካልገታው ወይም ልጁ ሲመጣ ቁጥሩ በጣም አልፎ ከሆነ ደሙ ይቀየራል። ቀኑን ሞልቶ ለተወለደ ጤነኛ ልጅ ይህ በ25 አካባቢ የሚታሰብ ነገር ነው። የልጁ ደም በትንሽ በትንሹ እየወጣ በሌላ ደም ይተካል። የራሱ አደጋ ያለው ሥራ ስለሆነ ነው ቀድመን በብርሃን ለመግታት የምንሮጠው።

ቁጥር ሳትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይዘሽው የምትሮጪባቸው ምልክቶች አሉ። ለመጥባት የማይነቃ ወይም ጡት ይዞ ወዲያው የሚያንቀላፋ፣ ሰውነቱ የዛለ ልጅ። ለቅሶው የተለወጠና ስል ሆኖ የሚጮህ ልጅ። ጀርባውንና አንገቱን ወደ ኋላ የሚለጥጥ፣ ትኩሳት ያለው ወይም የሚንቀጠቀጥ ልጅ። የመጀመሪያው ምልክት በጣም ያታልላል። «ጨዋ ልጅ ነው፣ ዝም ብሎ ይተኛል» የሚባለው ቢጫ አራስ እኔን ከሚያለቅሰው ይልቅ ያስፈራኛል።

ቤት ውስጥ አንቺ ልታደርጊው የምትችዪው ትልቁ ነገር ማጥባት ነው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ። እንገሩና ወተቱ አንጀቱን ያንቀሳቅሱታል፤ ጥቁሩ ዓይነ ምድር ቶሎ ሲወጣ ቢሊሩቢኑም አብሮ ይወጣል። በአራተኛ አምስተኛ ቀኑ ዓይነ ምድሩ ወደ ቢጫ መለወጥ፣ ሽንቱም በቀን 6 ጊዜ ያህል መሆን አለበት። ውኃ ወይም በስኳር የተበጠበጠ ውኃ አትስጪው። ሆዱን ሞልቶ ወተቱን ያስቀርበታል እንጂ ቢሊሩቢኑን አይቀንስም። «ወተትሽ ነው ቢጫ ያደረገው፣ ጡት አስጥዪው» ቢሉሽም አትስሚ። ወተትሽ ካነሰ እንዴት እንደሚጨመር የሚያግዝሽ ባለሙያ ጠይቂ፤ ማጥባቱን ግን አታቋርጪ።

የዛሬው ውጤት ዝቅ ብሎ ቤት ከገባችሁም ቀጠሮ ሳትይዢ አትውጪ። ሦስተኛ ቀን ላይ ቁጥሩ ገና እየወጣ ሊሆን ስለሚችል በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን መታየት አለበት። ቢጫነቱ ሁለት ሳምንት አልፎ ከቆየ፣ ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ ደግሞ ሦስት ሳምንት፣ እንደገና ይመርመር። ያኔ የምንጠይቀው ዳይሬክት ቢሊሩቢን የሚባለውን፣ ጉበት ከለወጠው በኋላ ሳይወጣ ደም ውስጥ የቀረውን ነው። ጡት በሚጠባና በደንብ በሚያድግ ልጅ ቀላል ቢጫነት ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ጉዳት የለውም። ዓይነ ምድሩ እንደ ኖራ ከነጣ ወይም ሽንቱ ዳይፐር ላይ ጥቁር ቢጫ ካሳየ ግን የሐሞት መውጫው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ቀዶ ሕክምና አለው፤ የተሻለ ውጤት የሚሰጠውም ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው ሲሠራ ነው። ስለዚህ ዳይፐሩን ስትቀይሪ ቀለሙን እያየሽ ቀይሪ፤ ነጣ ካለብሽ ዳይፐሩን ራሱን ይዘሽልን ነዪ።